ሳምንታችሁ በእውነት እንዴት ነበር? ሙድና ጉልበትን መዝግቦ ስለማየት

አርብ ማታ ጓደኛችሁ «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ለመመለስ ሦስት ሰከንድ አይፈጅባችሁም። «ኧረ ተወኝ፣ አድካሚ ነበር» ትላላችሁ፣ ወይም «አሪፍ ነበር»። ጥያቄው ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ነቅተን የምናሳልፈው ከ100 ሰዓት በላይ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት በሦስት ሰከንድ ደምሮ አማካዩን የሚያወጣ ጭንቅላት የለም። ታዲያ መልሱ ከየት መጣ?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ፍንጭ የተገኘው ደስ ከማይል ቦታ ነው። ሐኪሙ ዶናልድ ሬደልማየርና የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ የትልቁ አንጀት ምርመራ (ኮሎኖስኮፒ) የሚደረግላቸው ታካሚዎች በየደቂቃው የሕመማቸውን መጠን በቁጥር እንዲናገሩ አደረጉ። ምርመራው ለአንዳንዶቹ 4 ደቂቃ ብቻ፣ ለአንዳንዶቹ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቷል። ምርመራው ካለቀ በኋላ «በአጠቃላይ ምን ያህል ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ፣ መልሳቸው ምርመራው ከፈጀው ጊዜ ጋር እምብዛም አልተያያዘም። የተያያዘው በጣም ካመማቸው ቅጽበትና ከመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጋር ነበር። ትዝታ አይደምርም፣ ጥቂት ቦታዎችን መርጦ ይይዛል ማለት ነው። አርብ ማታ ስለ ሳምንታችሁ የምትሰጡት መልስም ባብዛኛው ከአንድ መጥፎ ሰዓትና ከአርብ ከሰዓት በኋላው የተቀዳ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ትዝታን ከመጠየቅ ይልቅ በየሰዓቱ መጠየቅ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሁለት ቁጥር ትጽፋላችሁ፤ አንዱ የሙድ፣ ሌላው የጉልበት። ሁለቱም ከ1 እስከ 5 ናቸው። ከጎናቸው ሁለት ወይም ሦስት ቃል ትጨምራላችሁ፤ «አምሽቼ ተኛሁ»፣ «ፈተና»፣ «ምሳ አልበላሁም»። የስልክ አፕ ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ የደብተር የመጨረሻ ገጽ ይበቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን 1 እና 5 ለእናንተ ምን እንደሆኑ ጻፉ። ለምሳሌ ጉልበት 1 ማለት «ቁጭ ብዬ እንኳ ዓይኔ ይከደናል»፣ 5 ማለት «አሁን ሩጪ ብባል እሮጣለሁ» ሊሆን ይችላል። ይህ ካልተጻፈ የሰኞ 3 እና የአርብ 3 አንድ ነገር ላይሆኑ ይችላሉ።

ለምን ሁለት ቁጥር? «እንዴት ነህ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ሁለት ነገሮችን ስለሚቀላቅል ነው። ጄምስ ራስል የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ስሜቶችን በአንድ ክብ ላይ አስቀምጧቸው ነበር። አንደኛው መስመር ከደስ የማይል ወደ ደስ የሚል ይሄዳል፣ ሁለተኛው ከፈዘዘ ወደ ነቃ። ፈተና ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ልባችሁ እየመታ ነው፤ ንቁ ናችሁ፣ ሙዳችሁ ግን ወርዷል። የበዓል ምሳ በልታችሁ ሶፋ ላይ ስትጋደሙ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ደስ ብሏችኋል፣ ለመነሳት ግን አቅም የላችሁም። በአንድ ቁጥር ብቻ ብትመዘግቡ ሁለቱም «3» ሆነው ሊያልፉ ይችላሉ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንይ። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ከምሳ በኋላ ሒሳብ አላት። «ሒሳብ ነው ሳምንቴን የሚገድለው» ብላ ታምናለች። ለአንድ ሳምንት ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት (ከሒሳቡ በኋላ) እና ማታ 2 ሰዓት ላይ መዘገበች። ጉልበቷ ይህን ይመስላል፦

| ቀን | ጠዋት | ከሰዓት | ማታ |
|---|---|---|---|
| ሰኞ | 4 | 2 | 3 |
| ማክሰኞ | 4 | 3 | 4 |
| ረቡዕ | 2 | 1 | 3 |
| ሐሙስ | 4 | 2 | 4 |
| አርብ | 2 | 2 | 3 |
| ቅዳሜ | 4 | 3 | 4 |
| እሑድ | 4 | 2 | 3 |

አንድ አፕ በሳምንቱ መጨረሻ መጀመሪያ ሊያሳይ የሚችለው ጠቅላላውን አማካይ ነው። እዚህ 21ዱ ቁጥሮች ተደምረው ሲካፈሉ ልክ 3 ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ይህ ቁጥር ምንም አይነግረንም። ማጠቃለያ የሚጠቅመው ቁጥሮቹን ከፋፍሎ ሲያሳይ ነው።

መጀመሪያ በቀን እንክፈለው። ዝቅተኛዎቹ ቀናት ረቡዕ (አማካይ 2) እና አርብ (2.3) ናቸው፤ ሁለቱም የሒሳብ ቀናት። የከሰዓቱን ዓምድ ብቻ ብናይም ሒሳብ ባለባቸው ቀናት አማካዩ 1.7፣ በሌለባቸው 2.5 ነው። ተማሪዋ «አላልኳችሁም?» ልትል ትችላለች።

ግን ቆይ። የጠዋቱን ዓምድ ወደ ታች እንውረደው። ረቡዕና አርብ ጠዋት ጉልበቷ 2 ነበር፣ በሌሎቹ ቀናት በሙሉ 4። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሒሳቡ ገና አልተጀመረም። ከሰዓት የሚመጣ ነገር የጠዋቱን ድካም ሊያመጣ አይችልም። «ምናልባት ከወዲሁ ስላስጨነቃት ይሆናል» ብትሉ ጥሩ ጥርጣሬ ነው፤ ያ ቢሆን ግን ሰኞ ጠዋትም በወረደ ነበር፤ ሰኞ ደግሞ 4 ነው። ወደ ማስታወሻዎቹ ስንሄድ ነገሩ ይፈታል፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የአውሮፓ ኳስ ስታይ አምሽታ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው የተኛችው። ሒሳቡ ከእንቅልፍ ማጣቱ ጋር በአንድ ቀን ስለዋለ ጥፋተኛ መሰለ እንጂ። ኳስ ያልታየበትን የሒሳብ ቀን፣ ሰኞን፣ ብናይ የከሰዓት ጉልበቷ 2 ነው፤ ሒሳብ ከሌለባቸው ከሐሙስና ከእሑድ ጋር እኩል።

ሁለተኛው የሚደጋገም ነገር የከሰዓቱ ዓምድ ራሱ ነው። የጠዋቱና የማታው አማካይ 3.4 ሲሆን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወደ 2.1 ይወርዳል። ከአርብ በስተቀር በሁሉም ቀን፣ ትምህርት በሌለባቸው በቅዳሜና በእሑድም ጭምር ከጠዋቱ ያነሰ ነው። ይህ የእሷ ብቻ አይደለም። ሰውነታችን በ24 ሰዓት የሚዞር ውስጣዊ ሰዓት አለው፣ ብዙ ሰዎችም ከምሳ በኋላ ባሉት ሰዓታት ንቃታቸው ይቀንሳል። ምሳ ሊያብሰው ይችላል፣ ግን ምሳ ባይበላም ይታያል። ስለዚህ ከሰዓትን ከጠዋት ጋር አወዳድሮ «ክፍሉ አደከመኝ» ማለት ልክ አይሆንም። የሰኞ ከሰዓት መወዳደር ያለበት ከማክሰኞ ከሰዓት ጋር ነው።

ሙዷስ? በሳምንቱ ዝቅተኛው ሙዷ 2 ነው፣ የተመዘገበውም እሑድ ማታ፣ ጉልበቷ 3 በነበረበት ሰዓት። ማስታወሻው «ነገ ፈተና» ይላል። ደክሟት አልነበረም ማለት ነው። ግን አንድ ጊዜ የታየ ነገር ገና ድግግሞሽ አይባልም። ሦስትና አራት እሑዶች እንዲሁ ከሆኑ ያኔ እንነጋገራለን።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቁጥሮቹ በሰዓታቸው ከተጻፉ ነው። አርተር ስቶንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ በጣም ያስቃል፣ ትንሽም ያሳፍራል። የቆየ ሕመም ላለባቸው ሰዎች በቀን ሦስት ጊዜ የሚሞላ የወረቀት መዝገብ ሰጧቸው። ማቀፊያው ውስጥ ግን መቼ እንደተከፈተ የሚመዘግብ የብርሃን መለኪያ ደብቀው ነበር። በተመለሱት ወረቀቶች መሠረት ተሳታፊዎቹ 90 በመቶውን በሰዓቱ ሞልተዋል። መለኪያው ግን በሰዓቱ የተሞላው 11 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳየ። የቀረው ምናልባት በአንድ ቁጭታ በትዝታ የተሞላ ነው፤ ትዝታ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ከላይ አይተናል። የራሳችሁን ገጽ ስታዩ ሦስት አራት ቀን በተከታታይ ያለ ምንም ለውጥ «3፣ 3፣ 3» ከሆነ ወይም ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ በአንድ የእጅ አጣጣል ከተጻፈ ያን ሳምንት አትመኑት።

ያመለጣችሁን ሰዓት ባዶ ተዉት። 0 አትጻፉ፣ «መካከለኛ ይሁን» ብላችሁም 3 አታስገቡ። ባዶ ቦታዎቹ የት እንደወደቁም እዩ። መመዝገብ የምትረሱት በጣም ሲደክማችሁ ወይም ሲከፋችሁ ከሆነ አማካዩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ከ21ዱ ውስጥ ማታ ማታ ብቻ አምስት ቦታ ባዶ ከሆነ የማታው አማካይ የተረፉት የደህና ምሽቶች አማካይ ሊሆን ይችላል።

አፕ ለምትጠቀሙ አንድ የእኛ አገር ጣጣ አለ። አፑ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ተማሪያችን ማክሰኞ ማታ ኳሱ ሲያልቅ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ «ጉልበት 1» ብላ ብትሞላ አፑ ረቡዕ 01:00 ብሎ ያስቀምጠዋል። ለእሷ ያ የማክሰኞ ምሽት መጨረሻ ነው። በማጠቃለያው ላይ ግን ረቡዕ ይወርዳል፣ ማክሰኞ ከፍ ይላል። በወረቀት ስትጽፉ ደግሞ «7 ሰዓት» ብቻ ካላችሁ ከሳምንት በኋላ ቀን ይሁን ሌሊት እናንተም ላታውቁት ትችላላችሁ። «ቀን» ወይም «ሌሊት» የምትል አንዲት ቃል ጨምሩ።

መዝገቡ የማይሠራውም ሥራ አለ፤ በሽታን አይለይም። የመንፈስ ጭንቀትን ለመለየት ባለሙያዎች የሚጠይቁት ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው፣ ከሙድ ሌላም ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ድሮ ደስ ይላችሁ የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይላችሁ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሙዳችሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ በአብዛኛው ቀን 1 ወይም 2 ከሆነ ገጹን ይዛችሁ ለወላጅ፣ ለምታምኑት መምህር ወይም ለጤና ባለሙያ አሳዩ። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፣ ዛሬውኑ ንገሯቸው።

ወደ ተማሪዋ እንመለስና፣ የእንቅልፉ ነገር ለጊዜው ግምት ነው፤ የተመሠረተው በሁለት ሌሊት ብቻ ነው። ግምቱን መፈተን ግን ትችላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ትተኛ፣ ሐሙስ እንደ ልማዷ ኳሷን ትይ፣ ሒሳቡ እንዳለ ይቀጥል። ረቡዕ ጠዋት 4 ሆኖ አርብ ጠዋት 2 ከሆነ ግምቱ ጠነከረ። ረቡዕም 2 ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለባት፤ ረቡዕ ከሌሎቹ ቀናት በምን እንደሚለይ፣ ስንት ሰዓት እንደምትነሳ፣ ቁርስ በልታ እንደሆነ ከማስታወሻዎቹ መጀመር ትችላለች። በተከታዩ ሳምንት ደግሞ ቀኖቹን ታገላብጥ፤ ማክሰኞ ታምሽ፣ ሐሙስ በጊዜ ትተኛ።