ሦስት ክብ፣ ስምንት ክፍል

መቶ ሰዎች ዜና የሚሰሙት ከየት እንደሆነ ተጠየቁ እንበል። 58ቱ ከሬዲዮ፣ 46ቱ ከቴሌቪዥን፣ 50ዎቹ ከስልክ አሉ። ሦስቱ ሲደመሩ 154 ይሆናሉ፤ የተጠየቁት ግን መቶ ብቻ ናቸው። የተረፈው ቁጥር የመጣው ሬዲዮም ስልክም የሚከታተለው ሰው በሁለቱም ዘንድ ስለተቆጠረ ነው። ሦስቱንም የሚከታተለው ደግሞ ሦስቴ ተቆጥሯል።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የደረሰ ሁሉ ይህን ዓይነት ጥያቄ ያውቀዋል። ሦስት ክቦች እርስ በርሳቸው ተደራርበው ይሣላሉ፤ እያንዳንዱ ክብ የአንድ ስብስብ ነው። ዙሪያቸውን አራት ማዕዘን ይከባቸዋል፤ እሱ የተጠየቁትን ሰዎች በሙሉ ይይዛል። ክቦቹ ሲደራረቡ ሰባት ክፍሎች ይፈጠራሉ፤ ከሦስቱም ውጭ ያለው ባዶ ሜዳ ስምንተኛው ነው። እያንዳንዱ ሰው ከስምንቱ በአንዱ፣ በአንዱም ላይ ብቻ ይቀመጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ጥያቄው የሚሰጠን ቁጥር የአንድ ክፍል ሳይሆን የብዙ ክፍሎች ድምር በመሆኑ ነው። 58 የሚለው ቁጥር የሬዲዮን ክብ በሙሉ፣ ማለትም አራት ክፍሎችን የሚሸፍን ነው። ሥዕሉ ላይ የምንጽፈው ግን የእያንዳንዱን ክፍል ድርሻ ለየብቻው ነው። ብዙ ተማሪ 58ን እንዳለ ሬዲዮ ክብ ውስጥ ጽፎ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ የተበላሸ ነው።

ጥያቄው ይቀጥላል፦ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚከታተሉ 22፣ ቴሌቪዥንና ስልክ 18፣ ሬዲዮና ስልክ 27፣ ሦስቱንም የሚከታተሉ 10 ናቸው። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። «ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚከታተሉ 22» ሲባል ስልክም የሚከታተሉት ይገኙበታል ወይስ አይገኙበትም? «ብቻ» እስካልተባለ ድረስ ይገኙበታል። ሁለቱ ክቦች የሚጋሩት ቦታ በሦስተኛው ክብ ለሁለት ይቆረጣል፤ 22 የሁለቱ ቁራጮች ድምር ነው። «ሬዲዮና ቴሌቪዥን ብቻ» ቢባል ኖሮ ግን 22 የአንዱ ቁራጭ፣ ከስልኩ ክብ ውጭ የቀረው ቁጥር ይሆን ነበር። ይህን ቃል ሳያስተውሉ ማንበብ ከስሌት ስህተት ይልቅ ብዙ ነጥብ ያስጥላል ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ አሞላሉ ከመሃል ወደ ውጭ ነው። መሃል ላይ 10 ይጻፋል፤ እርሱ የተቆረጠ ነገር የለውምና። ቀጥሎ ሬዲዮና ቴሌቪዥንን ብቻ የሚከታተሉት 22 ሲቀነስ 10፣ 12 ናቸው። በዚያው መንገድ ቴሌቪዥንና ስልክ ብቻ 8፣ ሬዲዮና ስልክ ብቻ 17 ይሆናሉ። አሁን የሬዲዮ ክብ ውስጥ ከአራቱ ክፍሎች ሦስቱ ተሞልተዋል፤ 10፣ 12 እና 17፣ በድምሩ 39። ከ58 የቀረው 19 ሬዲዮ ብቻ የሚከታተሉት ናቸው። ቴሌቪዥን ብቻ 16፣ ስልክ ብቻ 15 ይወጣል። ሰባቱም ሲደመሩ 97 ናቸው፤ የቀሩት ሦስት ሰዎች ከሦስቱም ዜና የማይሰሙ፣ ከክቦቹ ውጭ ያሉ ናቸው።

አሁን ስህተቱን ሆን ብለን እንሥራው። መሃል ላይ 10 ጽፈን 22፣ 18 እና 27ን ሳንቀንስ በየቁራጩ እናስገባቸው። ሬዲዮ ብቻ የሚከታተሉት ስንት ናቸው? 58 ሲቀነስ 59፤ ከዜሮ በታች አንድ። ከዜሮ በታች የሆነ ሰው ስለሌለ ስህተቱ ራሱን አጋለጠ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይታደለንም። የሬዲዮ አድማጮች 70 ቢሆኑ ኖሮ 11 ይወጣና ማንም አይጠረጥርም ነበር። የክቡን አራት ክፍሎች መልሶ መደመርም አያድንም፤ 11ን ያገኘነው በመቀነስ ስለሆነ ድምሩ የግድ 70 ይመጣል። የሚያጋልጠው ወደ ጥያቄው ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ማንበብ ነው፦ «ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚከታተሉ 22» ይላል፤ በሥዕላችን ሁለቱ ቁራጮች ሲደመሩ ግን 22 እና 10፣ 32 ሆነዋል።

በምልክት ሲጻፍ ነገሩ ይጠብባል እንጂ አይለወጥም። ስብስቦቹን ሬ፣ ቴ እና ስ ብንላቸው፣ ሬ ∩ ቴ የሁለቱ የጋራ ቦታ ነው፤ 22። ሬ ∩ ቴ ∩ ስ′ ሲሆን ጭረቷ «ከስልክ ክብ ውጭ» ትላለችና 12 ይቀራል። ሬ ∪ ቴ ቢያንስ ከአንዱ ክብ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይይዛል።

ጭረቷ ከቅንፍ ውጭ ስትሆን ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። (ሬ ∪ ቴ)′ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም የማይከታተሉትን ይላል፦ ስልክ ብቻ የሚከታተሉት 15ና ከሁሉም ውጭ ያሉት 3፣ በድምሩ 18። ሬ′ ∪ ቴ′ ደግሞ ሬዲዮ የማይከታተሉትን ከቴሌቪዥን የማይከታተሉት ጋር ያጠቃልላል። ከሁለቱ አንዱ የጎደለው ሁሉ እዚህ ይገባል፤ የሚቀሩት ሁለቱንም የሚከታተሉት 22 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ መልሱ 78 ነው። 18ና 78፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጭረቷ ወደ ቅንፍ ስትገባ ∪ ወደ ∩ መገልበጥ አለበት፤ (ሬ ∪ ቴ)′ ከ ሬ′ ∩ ቴ′ ጋር ነው የሚተካከለው።

ይህን ሥዕል በስሙ የምንጠራው እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አቀረበው። ከእርሱ በፊት ኦይለር ክቦችን ይጠቀም ነበር፤ ኦይለር ግን የሚነካኩትን ስብስቦች ብቻ ነበር የሚያደራርበው። ቬን ማንም የሌለበትን ክፍልም ጭምር ይሥላል። ለዚህ ነው ባዶ የሆነ ክፍል ላይ 0 መጻፍ የሚሻለው፤ ሳይጻፍበት የቀረ ክፍል ሰው የለበት ይሁን ወይስ ገና ያልተሠራ አይታወቅም። ስብስቡ አራት ሲሆን ደግሞ ክብ ራሱ አይበቃም። አራት ስብስብ 16 ክፍል ይፈልጋል፤ አራት ክቦች ግን ቢበዛ 14 ነው የሚሰጡት። ቬን በሞላላ ቅርጾች ተክቷቸዋል።

የመሃሉ ቁጥር ባይሰጠንስ? በእኛው ጥያቄ 10 እና ውጭ ያሉት 3 ሰዎች ተሰውረው ሌሎቹ ቢቀሩ፣ መሃሉን መ ብንለው የሰባቱ ክፍሎች ድምር 87 ሲደመር መ ይሆናል። ከመቶ አይበልጥምና መ ከ0 እስከ 13 ድረስ የትኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ሥዕሉ አንድ መልስ እንዲሰጥ ማስገደድ አይቻልም። ሌዊስ ካሮል በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ድንበር የሚፈልግ ጥያቄ አቅርቧል። ከአንካሳ ጡረተኞች መካከል ከመቶው 70 እጅ ዓይን፣ 75 እጅ ጆሮ፣ 80 እጅ ክንድ፣ 85 እጅ እግር አጥተዋል፤ አራቱንም ያጡት ቢያንስ ስንት ናቸው? ክብ ሳይሣል ከውጭ በኩል መቁጠር ይቀላል። ዓይኑ የተረፈለት 30፣ ጆሮው 25፣ ክንዱ 20፣ እግሩ 15 ነው። እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ እንኳ አንድ ነገር የተረፈላቸው ከ90 አይበልጡም፤ አራቱንም ያጡት ከ10 ሊያንሱ አይችሉም። በሌላው ጫፍ ዓይን ያጡት 70 ብቻ ስለሆኑ ከዚያ በላይ ሊሆኑ አይችሉም።