«እንደውላለን» ከተባለ በኋላ

ባለፈው ጥቅምት 20 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት አያት የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን እጁን ይዘው ከጉደር አምቦ ድረስ እኔን ፍለጋ መጡ። ጤና ጣቢያ ስሠራ ልጆቻቸውን ሳስከትብላቸው ነበርና እስካሁን «ሲስተር» ነው የሚሉኝ፤ እኔም እንደ አካባቢያችን ወግ «አኮ» እላቸዋለሁ። ቡናው ሳይፈላ ከነጠላቸው ሥር አንድ ፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ፌስታሉ ውስጥ የሪፈር ወረቀት፣ የካርድ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ካርድ፣ የአልትራሳውንድ ውጤትና የአውቶቡስ ትኬት ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሲያለቅስና ሲያስል ቀኝ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ይወጣል፤ ሲተኛ ይመለሳል። ቡአ ነው፤ ሐኪሞች ኸርኒያ የሚሉት። ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ጥቅምት 11 ቀን ታየና «ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ተራችሁ ሲደርስ እንደውላለን» ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ስልክ የደወለ የለም።

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። አጎቱ «ነገ ሄጄ እዚያው እጮህባቸዋለሁ» ይላል። አኮ ደግሞ «ሐኪም አይነዘነዝም፤ ቢቀየሙና ልጄን ቢነኩብኝስ?» ብለው ዝም ማለትን መርጠዋል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ተረት ሳነሳባቸው ሳቁ፤ ፍርሃታቸው ግን አልለቀቃቸውም። እንዲህ ያለ ፍርሃት ብዙ አያቶች ላይ አይቻለሁ። እኔ በመዝገቡ ማዶ በኩል ብዙ ዓመት ስለተቀመጥኩ፣ ዝምታው ከየት እንደሚመጣ ላጫውታችሁ።

ቡናው እስኪደርስ ልጁን አስተኝቼ ብሽሽቱን አየሁት፤ ማንኛውም ክትትል የሚጀምረው ከዚህ ነውና። እብጠቱ ለስላሳ ነው፣ ሲተኛ ይገባል፣ ልጁም ይበላል፣ ይጫወታል። እንዲህ ከሆነ ተራ እየጠበቁ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። እብጠቱ ደንድኖ አልመለስ ካለ፣ ሲነካ ካመመው፣ ልጁ ካስመለሰው ወይም ሆዱ ከተነፋ ግን ነገሩ የቀጠሮ መሆኑ ይቀራል። አንጀት ታንቆ ደም ሊያጣ ስለሚችል፣ በዚያው ሰዓት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፤ አዲስ አበባ እስኪደውል አይጠበቅም። ልጁ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ የመታነቅ አደጋው ስለሚበልጥ፣ ለማስታወስም ብዙ ቀን አይቆይም። ይህን ለአኮ ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው፤ አጎቱም እንዲሰማ በስልክ ነገርኩት።

ቀጥሎ ቀኑን ቆጠርን። ለእሳቸው ዘጠኝ ቀን ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ግን ቅዳሜና እሑድ ሲወጣ ሰባተኛው የሥራ ቀን ነው። በሠራሁባቸው ቦታዎች የቀዶ ጥገና ክፍል የሚቀጥለውን ሳምንት ዝርዝር የሚያወጣው በሳምንት አንዴ ነበር፤ የመኪና አደጋ ወይም የምጥ ድንገተኛ ሲገባ ደግሞ የተጻፈው ስም ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን የሚደውል ሰው መልስ የሚሆን ነገር ገና አልተዘጋጀለትም። አምስት የሥራ ቀን ካለፈ በኋላ የሚደውል ሰው ግን ማንንም አያስቀይምም። ከሁሉ የሚሻለው ገና ከመስኮቱ ሳይነሱ «ካልተደወለልኝ መቼ ብጠይቅ ጥሩ ነው?» ብሎ መለየት ነው። ቀኑን ራሳቸው ከነገሯችሁ፣ በዚያ ቀን ስትደውሉ ነዝናዛ አትባሉም።

ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ከካርዱ ጀርባ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር ጮክ ብዬ አነበብኩና አኮን «የማን ነው?» አልኳቸው። «የልጄ ነው» አሉ። የአጎቱን ቁጥር ከሞባይላቸው አውጥተን ስናስተያየው አንድ ቁጥር ብቻ ይለያያል። የእሱ የሚጀምረው በ07 ነው፤ የተጻፈው ግን 09 ብሎ ነው። ዘመኑን ሁሉ በ09 የለመደ እጅ፣ በ07 የሚጀምሩ የሳፋሪኮም ቁጥሮች ከመጡ በኋላም ሳያስበው 09 ብሎ ይጽፋል። ማንም ክፉ ሰው የለበትም። መዝገቡም ላይ እንዲሁ ተጽፎ ከሆነ፣ የሆስፒታሉ ሰው ቢደውልም የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው።

ባየሁት ሁሉ የዝምታው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል፤ ሲሙ ጠፍቶ በሌላ ተተክቷል፤ ጥሪው ከማይታወቅ የቢሮ ስልክ ሲመጣ ቤተሰቡ ፈርቶ አያነሳም። መልሶ ሲደውል ደግሞ የሚያገኘው ማዞሪያውን ነው፣ የደወለውን ሰው አይደለም። ስለዚህ ቀጠሮ ስትጠብቁ ሁለት ቁጥር አስመዝግቡ፤ የጻፈውም ሰው ቁጥሩን መልሶ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልታወቀ ቁጥርም ቢሆን ይነሳል።

ወደ ሆስፒታሉ ላይዘን ክፍል የደወልነው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሪፈርና አልጋ የሚያስተባብረው ይህ ክፍል ነው። ጠዋት በሽተኛ ይጎበኛል፣ መስኮቱም በሰልፍ ይጨናነቃል፤ ሰኞ ጠዋትማ የቅዳሜና የእሑዱ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። ከምሳ በኋላ ግን ሰው ትንሽ ይተነፍሳል። አኮ ከኦሮምኛ በቀር ስለማይቀናቸው እኔ ተናገርኩ፤ እሳቸው አጠገቤ ሆነው ድምፁን ከፍ አድርገን አብረን ሰማን።

ከመደወሌ በፊት የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ነበር። ደዋዩ ሲርበተበት የካርድ ቁጥሩን ትቶ የበሽታውን ታሪክ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ መዝገብ የያዘው ሰው ደግሞ የሚፈልገው ስም፣ ቁጥርና ቀን ብቻ ነው። ያልኩት ይህን ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምደውለው ከአምቦ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ጥቅምት 11 ቀን በቡአ ታይቶ ለቀዶ ጥገና ተራ ተመዝግቧል።» የልጁን ሙሉ ስም እስከ አያቱና የካርድ ቁጥሩን አስከተልኩ። «እንደውላለን ብላችሁን ነበር። ምናልባት የሰጠነው ስልክ ተሳስቶ ይሆናል ብለን ነው። እባክዎ ቁጥሩን ያዩልን?»

«ረሳችሁን» አላልኩም። ረሳችሁ የተባለ ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል። ስልኩን ያዩልን የተባለ ሰው ግን የሚሠራው ነገር አለው፤ መዝገቡን ይከፍታል፣ መዝገቡም ሲከፈት ተራው አብሮ ይታያል። ውሸትም የለበትም፤ ስህተቱን አይተናል። ስህተቱን ባናገኝ ኖሮም ያው ጥያቄ ያገለግል ነበር።

መዝገቡ ተገለጠ። «ሁለት ጊዜ ደውለን ሌላ ሰው ነው ያነሳው» አለች ልጅቷ። ከቁጥሩ አጠገብ «አልተገኘም» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ የተጻፈበት ስም በቀስታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ተራው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። አኮ ዝም ብለው ቢጠብቁ ኖሮ ገናንም ጥምቀትንም ሊጠብቁ ይችሉ ነበር። አጎቱ ሄዶ ቢጮህም የሚጮኸው ሁለት ጊዜ በደወለች ልጅ ላይ ነበር።

ቁጥሩ ተስተካከለ፣ የእኔም ሁለተኛ ሆኖ ተጨመረ፤ ለኅዳር 15 ጠዋት ቀጠሮ ተሰጠን። «ሰኞ ነው አይደል? በእኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት 2 ሰዓት?» ብዬ መለስኩላት። የሳምንቱን ቀን መጨመር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን 5/3 ተብሎ በወረቀት የተሰጠን ቀጠሮ አንዱ ኅዳር 5፣ ሌላው በፈረንጅ ማርች 5 አድርጎ ሲያነብ አይቻለሁ። ቀኑ ሰኞ መሆኑ ከታወቀ ካላንደሩ ራሱ ስህተቱን ያጋልጣል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በፈረንጅ 8 የተጻፈውን የከሰዓት 8 ብሎ የሚመጣ አለ።

ስልኩ ባይነሳ ኖሮስ? በዚያው ቀን ደጋግሜ አልደውልም ነበር። አጭር መልእክት መላክ የሚቻል ከሆነ ያንኑ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የታየበትን ቀንና ትክክለኛውን ስልክ በሁለት መስመር ልኬ፣ ሦስት የሥራ ቀን ቆይቼ በሌላ ሰዓት እደውላለሁ። እሱም ካልሠራ የላከን ጤና ተቋም ነው የሚቀረው። ሪፈሩን የጻፈው ባለሙያ ራሱ ለላይዘኑ ሲደውል፣ ባለሙያ ለባለሙያ ስለሚነጋገር ነገሩ ይቀላል። በአካል መሄድ የመጨረሻው ነው፤ ከጉደር አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል፣ የትራንስፖርቱም ገንዘብ ቀላል አይደለም። ከተሄደም የሪፈሩን ኮፒ ይዞ፣ ከሳምንቱ መካከል ባለ ቀን ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ቀኑን፣ ያነጋገራችሁትን ሰውና የተባላችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ። ባለሙያ በፈረቃ ይቀያየራል፤ ዛሬ ያነጋገረቻችሁ ልጅ ነገ ላትኖር ትችላለች። «ማክሰኞ እንዲህ ተብዬ ነበር» የሚል ሰው ግን ከመጀመሪያው አይጀምርም።

ይህ ሁሉ ትሕትና ወሰን አለው። ትሕትና ተራ አያስቀድምም፤ ከፊታችን ያለው ልጅም እንደኛው የሚጠብቅ አያት አለው። የሚያደርገው ነገር፣ በስህተት ከመዝገብ የወረደን ስም ወደ ቦታው መመለስ ብቻ ነው። ልጁም እየጠበቀ ከባሰበት ማስታወሻው ቀርቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ደግሞ መጠየቅ ከእኛም በኩል ነው። ከቀጠሮው አራት ቀን ቀድሞ ልጁ ትንሽ አሳለው። አኮ ደብቀው ሊወስዱት ፈልገው ነበር፤ «ተራውን ይነጥቁናል» ብለው። ትኩሳትና የደረት ጉንፋን ላለበት ልጅ ማደንዘዣ ስለሚያሰጋ እንደገና ደወልን። «ትኩሳት ከሌለው ይምጣ፣ እዚህ እናየዋለን፤ ካለው ግን ደውሉና ሌላ ቀን እንሰጣችኋለን» አሉን። ትኩሳት አልነበረውም፤ ሳሉም በሦስተኛው ቀን ለቀቀው።

ሰኞ ኅዳር 15 ሌሊት ከጉደር ተነሥተው ሄዱ። ማክሰኞ ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ሐሙስ ማታ ልጁ እቤቱ ነበር። አሁን በአኮ ቤት ከቁም ሣጥኑ በር ውስጥ፣ የአጎቱ ስልክ በትልቁ በ07 ጀምሮ ተጽፎ ተለጥፏል። ከሥሩ የካርድ ቁጥሩ አለ፤ ከእሱም ሥር ስፌቱ የሚታይበት ቀጠሮ፣ ከነሳምንቱ ቀን።