ማይክሮፎኑ የት ነው ያለው?

ዋሽንግተን ዲሲ በአራት የተከፈለች ከተማ ናት። መሃሏ ካፒቶል ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ አንዱ ወገን ኖርዝዌስት፣ ሌላው ኖርዝኢስት፣ የታችኞቹ ደግሞ ሳውዝዌስትና ሳውዝኢስት ይባላሉ። የመንገዱ ስምና የቤቱ ቁጥር አንድ ሆኖ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክፍሎች ሊገኝ ይችላል። 14ኛ መንገድ ኖርዝዌስት አለ፣ 14ኛ መንገድ ኖርዝኢስትም አለ። አድራሻውን የሚለየው የመጨረሻዋ ቃል ናት፤ በዚያች ቃል ውስጥም ልዩነቱ ያለው መሃሏ ላይ ነው፤ ጅማሬዋና ፍጻሜዋ አንድ ነው።

ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ባለፈው ክረምት የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ስለነበር ማራገቢያውን እስከ መጨረሻ ከፍቶት ነበር። ለስልኩ አድራሻውን በድምፅ ነገረው፤ ስልኩም ኖርዝዌስት ያለውን ኖርዝኢስት ብሎ ያዘና መንገድ አወጣለት። ተሳፋሪዋ ከከተማው ማዶ እስኪደርሱ ድረስ ዝም አለች፤ ሲደርሱ ግን ተናገረች። ከዚያ በኋላ ወዳጄ በድምፅ ማዘዙን ትቶ በጣቱ መጻፍ ጀመረ። የሚኖርበት ቨርጂኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝን ከልክሏል፤ የመጀመሪያው ቅጣት 125 ዶላር፣ ሁለተኛው 250 ነው።

«ምን ላድርግ? የእኔን እንግሊዝኛ አይሰማም። አክሰንቴ ነው» አለኝ።

ይህንን ቃል ከስንት ሰው እንደ ሰማሁ አልቆጥረውም። የመኪና ቴፕና ድምፅ ማጉያ በመግጠም ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አነጋገራቸውን ይዘው ሲያፍሩ የማያቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አፋቸው አይደለም። የሚሰማው ጆሮ የተቀመጠበት ቦታ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት መኪናው ውስጥ ገብተን አብረን ፈተሽነው።

መኪናው የቆየ ኮሮላ ነው፤ በኋላ የተገጠመ ብሉቱዝ ያለው ቴፕ አለው። ስልኩ የአየር መውጫው ላይ በሚሰካ መያዣ ቆሟል። መጀመሪያ መኪናውን አቁመን፣ ሞተሩን አጥፍተን፣ ብሉቱዙንም ዘግተን በስልኩ የድምፅ መቅጃ አድራሻውን ቀዳን። ጥርት ያለ ነው። ቀጥለን ማራገቢያውን ብቻ ከፈትንና ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደገምነው። ስናዳምጠው ንግግሩ ከሚያጉረመርም ነገር በታች ተቀብሯል። ወዳጄ «ይሄ እኮ ንፋስ ውስጥ የቆምኩ ነው የሚመስለው» አለ። ልክ ነበር።

የስልክ ዋና ማይክሮፎን ከታች ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። መያዣው የአየር መውጫው ላይ ሲሰካ ያች ቀዳዳ ከሚነፍሰው አየር ፊት ትቆማለች። አየሩ ቀዳዳዋን ሲመታ ድምፁ እዚያው ማይክሮፎኑ ላይ ይፈጠራል፤ ከክፍሉ የመጣ ጫጫታ አይደለም። ስልኮች ጫጫታን የሚቀንሱት በሁለት ማይክሮፎን የተሰማውን እያነጻጸሩ ነው፤ በአንዱ ላይ ብቻ የሚያጉረመርመውን ንፋስ ግን ከንግግር ለይተው ለማውጣት በጣም ይቸገራሉ። መያዣውን ከአየር መውጫው አንሥተን ክሩስኮቱ ላይ አጣበቅነው፤ የስልኩ ሽፋን ቀዳዳዋን አለመጋረዱንም አየን። ማራገቢያው እንደተከፈተ ደግመን ስንቀዳ ንግግሩ ተመልሶ ወጣ።

ይሁን እንጂ ብሉቱዙን መልሰን ስንከፍተው ስልኩ እንደገና መሳሳት ጀመረ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ ጋ አለ፦ ስልኩ ከመኪናው ቴፕ ጋር ለጥሪ ከተገናኘ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያዳምጠው በራሱ ማይክሮፎን ሳይሆን በመኪናው ማይክሮፎን ነው። ሰውየው ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ ይጮኻል፤ ሰሚው ግን ሌላ ቦታ ነው። የትኛው እየሰማ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። በመኪናው ብሉቱዝ በኩል ለሚያውቁት ሰው ይደውሉና መልእክት መቀበያው ላይ ድምፅ ይተዉ። ሲናገሩ መጀመሪያ የስልኩን ታችኛ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የቴፑን ፊት በጥፍር ጫር ጫር ያድርጉ። ተቀባዩ መልእክቱን ሲያሰማዎት ጎልቶ የሚንኳኳው እሱ ነው ጆሮው። ይህ ሁሉ መኪናው ቆሞ ነው የሚደረገው።

የወዳጄ ጆሮ ቴፑ ፊት ላይ፣ ከማርሹ በላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ነበረች። ከአፉ እስከዚያ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቀዳዳዋም ወደ አፉ ሳይሆን ወደ ሁለቱ ወንበሮች መሃል ታያለች። መኪናው በሀይዌይ ሲሄድ የጎማው ጉርምርምታ ክፍሉን ሁሉ እኩል ይሞላዋል፤ ማይክሮፎኑ የትም ቢቀመጥ ያው ነው ማለት ይቻላል። የሰው ድምፅ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ወደ እጥፍ ይጎላል፤ በባለሙያዎች መለኪያ ስድስት ዴሲቤል ገደማ ነው። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ማቅረብ ንግግሩን ከጫጫታው በላይ ያወጣዋል። በቴፑ ቅንብር ውስጥ የማይክሮፎኑን ጉልበት መጨመር ግን ንግግሩንም ጫጫታውንም አብሮ ስለሚያጎላ ልዩነታቸው ያው ይሆናል። ሰዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት ይህንን ስለሆነ ነው የማነሣው።

ብዙ እንደዚህ ያሉ ቴፖች ከኋላቸው የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ አላቸው። ማይክሮፎኑ ራሱ ከካርቶኑ ሳይወጣ ቀርቶ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የወዳጄም ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ከነላስቲኩ ነበር። ከመሪው ጀርባ ባለው የመሪ ዘንግ ሽፋን ላይ፣ ከአፉ አርባ ሳንቲ ሜትር ገደማ አስቀመጥነው። በበሩና በፊት መስታወቱ መካከል ያለው ምሰሶ ለማይክሮፎን ቅርብና ጥሩ ቦታ ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ መኪኖች ኤርባግ የሚወጣው ከዚያ ስለሆነ ሽቦ በላዩ ማሳለፍ አይገባም። ምሰሶው ላይ AIRBAG የሚል ጽሑፍ ካለ ጨርሶ አይነካም።

አንድ የማይስተካከል ነገር ቀረ። የቆዩ ቴፖች የጥሪ ድምፅ የሚያስተላልፉት በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ እየለኩ ነው፤ በዚህ አካሄድ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ አያልፍም። የ«ስ»ና የ«ፍ» ፉጨት በብዛት ያለው ከዚያ በላይ ነው። አዳዲሶቹ 16,000 ጊዜ ስለሚለኩ ንግግሩን በተሻለ ያደርሱታል። ቴፕዎ የቆየ ከሆነና ስልኩ በደንብ ከተቀመጠ፣ በአንድሮይድ የብሉቱዝ ቅንብር ውስጥ በቴፑ ስም ሥር Phone calls የሚለውን አጥፍቶ Media audio የሚለውን መተው ይቻላል። ያን ጊዜ ስልኩ በራሱ ጆሮ ይሰማል፤ ሙዚቃውና የመንገድ ምሪቱ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ይወጣል። ዋጋው ጥሪዎችም ከስልኩ ድምፅ ማጉያ መውጣታቸው ነው።

ጆሮው ከተስተካከለ በኋላ ነው ወደ ቅንብሩ የሄድነው። ወዳጄ Voice Match የሚባለውን፣ ስልኩ ድምፅን የሚለማመድበትን ክፍል ሦስት ጊዜ ደጋግሞት ነበር፤ አክሰንቱን የሚያስተምረው መስሎት ነው። ያ ክፍል የሚማረው የጥሪ ቃሉን የተናገረው ባለቤቱ መሆኑን ነው እንጂ አድራሻ መስማት አይደለም። እኛ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መኪናው ውስጥ ሆነን፣ እንደሚያወራው አድርገን ሞላነው። ከዚያ በላይ የረዳው መሪው ላይ ያለው የድምፅ ቁልፍ ነው። በጫጫታ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው «ሄይ ጉግል» የሚለው ጥሪ ስለሆነ በቁልፍ መቀስቀስ ያንን ሁሉ ያስቀራል። ቁልፉን ተጭኖ ግን ድምፁ እስኪሰማ መጠበቅ ያስፈልጋል። ብሉቱዙ የጥሪውን መስመር እስኪከፍት ጥቂት ስለሚዘገይ፣ ቸኩሎ የተናገረ ሰው የመጀመሪያው ቃሉ ይቆረጥበታል።

ጥሪ ላይ ደግሞ የእኛ የራሳችን የሆነ ችግር አለ። ሲሪም ሆነ ጉግል አሲስታንት የሚሰሟቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም፤ ስለዚህ የምናዛቸው በእንግሊዝኛ ነው። ወዳጄ ባለቤቱን በስልኩ የመዘገባት «የልጆቼ እናት» ብሎ በፊደላችን ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰማው ሥርዓት የሰማውን በላቲን ፊደል ጽፎ ከስሞቹ ጋር ስለሚያመሳክር ያንን ስም ሊያገኘው አይችልም። ስሙን መሰረዝ አላስፈለገም፤ በስሙ ማስተካከያ ውስጥ Nickname በሚለው መስመር Wife ብለን ጨመርን። ጸጋዬ ለሚባለው ዘመዱም እንዲሁ አደረግን፤ «ጸ» በእንግሊዝኛ የሌለ ድምፅ ስለሆነ ስልኩ በእያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ስም ይጽፍ ነበር። ለእሱ ሁለት ቀለም ያላት አጭር የቅጽል ስም መረጥንለት። ለሚመላለስባቸው ቦታዎችም በካርታው ላይ ለየብቻ የሚጠራበት ስያሜ ሰጠን፤ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያወርድበትን በር ጭምር።

ከዚያ ወደ ሀይዌዩ ወጣን። በ55 ማይል ፍጥነት፣ ማራገቢያው በመካከለኛ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ እሱ እየነዳ እኔ እየመዘገብኩ አሥር አድራሻ አዘዘ። ስምንቱን በትክክል ያዘ። ከማስተካከላችን በፊት በዚያው መንገድ የያዘው ሦስት ነበር። አንዱ ስህተት 13ኛን 30ኛ ማለቱ ነው፤ ሁለቱም መንገዶች ኖርዝዌስት ውስጥ አሉ፣ በእንግሊዝኛም ድምፃቸው በጣም ይቀራረባል። ሌላው መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ሲከፍት ነው። አክሰንቱ በሁሉም ያው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሠራ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የኤ.ኤ.ኤ. የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን ከዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ያወጣው ጥናት፣ አንድ ነጂ በድምፅ ማዘዙን ከጨረሰ በኋላ ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ ለመመለስ እስከ 27 ሰከንድ ሊወስድበት እንደሚችል አሳይቷል። ወዳጄ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ አሰበበት። አሁን አድራሻውን የሚናገረው ተሳፋሪው በሩን ከዘጋ በኋላ፣ መኪናው ገና ቆሞ ሳለ ነው። ማራገቢያውን ለአፍታ ዝቅ ያደርጋል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ድምፁን ይጠብቃል፤ ስልኩ የያዘውን አድራሻ መልሶ ሲያነብ ቁጥሩንና የመጨረሻዋን ቃል ሰምቶ ነው የሚነሣው።