በባክቴሪያዎች መካከል የጂን ዝውውር

ኮንጁጌሽን፣ ትራንስፎርሜሽንና ትራንስዳክሽን ባክቴሪያዎች ሳይባዙ ጂን የሚቀባበሉባቸው ሦስት መንገዶች ናቸው። ባክቴሪያ ለሁለት ሲከፈል ጂኖቹን ለልጆቹ ያስተላልፋል። በእነዚህ መንገዶች ግን ጂን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ አንዳንዴም ከአንድ ዝርያ ወደ ሌላ ዝርያ ይሻገራል። መድኃኒትን የመቋቋም ችሎታም በዚሁ መልክ ይዛመታል።

የሦስቱ ልዩነት ዲኤንኤው በምን በኩል እንደሚደርስ ነው። በኮንጁጌሽን ሁለት ባክቴሪያዎች ተነካክተው አንዱ ለሌላው ይሰጣል። በትራንስፎርሜሽን ተቀባዩ ከሞተ ባክቴሪያ የወጣ ራቁት ዲኤንኤን ከአካባቢው ይወስዳል። በትራንስዳክሽን ደግሞ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ማለትም ፋጅ፣ ዲኤንኤውን ተሸክሞ ያደርሳል።

በቤተ ሙከራ ሦስቱን ለመለየት ሁለት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛው ባክቴሪያን የማያሳልፍ ማጣሪያ ነው። ሰጪውና ተቀባዩ በማጣሪያው ግራና ቀኝ ሲቀመጡ ዝውውሩ ከቆመ፣ መንገዱ መነካካት የሚፈልገው ኮንጁጌሽን ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ዲኤንኤን የሚቆራርጥ ዲኤንኤዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ይህ ትራንስፎርሜሽንን ያስቆማል፤ በፋጅ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ግን የፕሮቲን ሽፋኑ ስለሚከልለው አይነካውም። ማጣሪያውንም ኢንዛይሙንም ያለፈ ዝውውር እንግዲህ ትራንስዳክሽን ይሆናል።

## የጃፓን የደም ተቅማጥ

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በጃፓን የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ባልተለመደ ሁኔታ መድኃኒት መቋቋም ጀመረ። አንዳንዶቹ የሺጌላ ዓይነቶች ሰልፎናማይድን፣ ስትሬፕቶማይሲንን፣ ክሎራምፌኒኮልንና ቴትራሳይክሊንን በአንድ ጊዜ ይቋቋሙ ነበር። አንድ መድኃኒት ብቻ ከወሰደ በሽተኛ እንኳ አራቱንም የሚቋቋም ሺጌላ ይገኝ ነበር።

ይህን በተራ ሚውቴሽን ማስረዳት አይቻልም። አንድን መድኃኒት የሚያስቋቁም ለውጥ ከ10 ሚሊዮን ባክቴሪያዎች በአንዱ ላይ ይደርሳል እንበል። ሁለት ለውጦች በአንድ ባክቴሪያ ላይ በአንዴ የሚገጥሙት ከ100 ትሪሊዮን አንዴ ነው። የአራቱ ደግሞ ከ1 ቀጥሎ 28 ዜሮ ካለው ቁጥር አንዴ ይሆናል፤ በአንድ ሰው አንጀት ውስጥ ይህን ያህል ባክቴሪያ የለም።

ፍንጩ የተገኘው ከእነዚሁ በሽተኞች አንጀት ነው፤ በዚያ የሚኖረው ኢ. ኮላይም አራቱን መድኃኒቶች ይቋቋም ነበር። በ1959 እና በ1960 እ.ኤ.አ. የኦቺያይና የአኪባ የምርምር ቡድኖች የሚቋቋመውን ኢ. ኮላይ ከማይቋቋም ሺጌላ ጋር አብረው ሲያሳድጉ ሺጌላው አራቱንም ችሎታዎች አንድ ላይ ወረሰ። ባክቴሪያዎቹ ተጣርተው የወጡበት ፈሳሽ ብቻውን ግን ይህን ማስተላለፍ አልቻለም። ስለዚህ መንገዱ ኮንጁጌሽን ነበር።

ተሸካሚው ፕላዝሚድ ነው፤ ይህም ከክሮሞሶሙ ተለይቶ የሚኖር፣ አብዛኛውን ጊዜ ክብ የሆነ ዲኤንኤ ነው። ሰጪው ፒለስ በተባለ ቀጭን ዘንግ ተቀባዩን ይይዛል። ከዚያ ከፕላዝሚዱ ሁለት ክሮች አንዱ ተቆርጦ ይሻገራል፤ ሁለቱም ባክቴሪያዎች የጎደላቸውን ክር ይሠራሉ። ሰጪው ምንም አይጎድልበትም፤ ተቀባዩም በተራው ሰጪ ይሆናል። የኢ. ኮላይ ክሮሞሶም በሙሉ ለመሻገር 100 ደቂቃ ገደማ ሲፈልግ፣ ፕላዝሚድ ግን በጥቂት ደቂቃዎች ያልቃል።

## ሌሎቹ ሁለት መንገዶች

ትራንስፎርሜሽን ቀድሞ የታወቀው በኒሞኮከስ ነው፤ ግሪፍዝ በ1928 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ አሳየው። ይኸው ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የሚቋቋመው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። መድኃኒቱን የሚሰብር ኢንዛይም የለውም፤ ፔኒሲሊን የሚጣበቅበትን ፕሮቲን ግን ይለውጣል። የዚህ ፕሮቲን ጂን ሲነበብ እንደተጣጣፈ ጨርቅ ነው፦ አንዱ ክፍል የራሱ፣ ሌላው በጉሮሮ ከሚኖሩ ዘመዶቹ የመጣ። የሚገባው ቁራጭ ከነባሩ ጋር ካልተመሳሰለ በክሮሞሶሙ ውስጥ ሊተካ ስለማይችል፣ መንገዱ በአብዛኛው በቅርብ ዘመዶች መካከል ይወሰናል።

ትራንስዳክሽን የሚመጣው ከስህተት ነው። ፋጁ በባክቴሪያው ውስጥ ሲባዛ በራሱ ዲኤንኤ ፋንታ የባክቴሪያውን ቁራጭ ይጠቀልላል። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የመቋቋም ጂኖችን ከሚለዋወጥባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የሚጓዘው ግን በፋጁ ራስ ውስጥ የሚበቃው ብቻ ሲሆን፣ የሚደርሰውም ፋጁ ሊጣበቅበት ወደሚችል ባክቴሪያ ብቻ ነው።

## የመድኃኒቱ ድርሻ

በሦስቱም መንገዶች ዝውውሩ መድኃኒት ባይኖርም ይካሄዳል። መድኃኒቱ የሚያደርገው ጂኑን ያላገኙትን ገድሎ ላገኙት ቦታ መልቀቅ ነው። በጃፓኑ ዓይነት ፕላዝሚድ ላይ ጂኖቹ አብረው ስለሚጓዙ ግን ቴትራሳይክሊን ብቻ የሚወስድ ሰው ክሎራምፌኒኮልን የሚቋቋሙትንም በአንጀቱ ያበዛል። ክሎራምፌኒኮል መስጠት ስለቆመ ብቻም ጂኑ አይጠፋም፤ ከጎኑ ያለው ጂን በሚያስፈልግበት ሁሉ እሱም አብሮ ይቆያል።