ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ የግሥ ቅርጽ፣ ሦስት ጊዜ

የእንግሊዝኛው ቀላል የአሁን ጊዜ ስሙ ያሳስታል። «ዘ ትሬይን ሊቭስ አት ኤይት ቱሞሮው» ሲባል ባቡሩ የሚነሳው ነገ ነው፤ በጋዜጣ ርዕስ ላይ «ሚኒስተር ሪዛይንስ» ሲባል ግን ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀዋል። ይህ ቅርጽ ድርጊቱን እንደ አንድ ሙሉ ነገር ያስቀምጣል እንጂ መቼ እንደሆነ አይናገርም፤ ጊዜውን የምናገኘው ከሌላ ቦታ፣ ከጉዞ ሰሌዳው ወይም ከጋዜጣው ቀን ነው። ለዚህም ነው ዝናብ ፕሮግራም ስለሌለው «ኢት ሬይንስ ቱሞሮው» የማይባለው፤ የፀሐይ መውጫ ሰዓት አስቀድሞ ስለሚታወቅ ግን «ዘ ሰን ራይዝስ አት ሲክስ ቱሞሮው» ይባላል። የዜና ርዕስም «የስተርዴይ» የሚለውን ቃል አይቀበልም። ትናንት መሆኑን መግለጽ ሲያስፈልግ የዜናው ሐተታ ወደ ኃላፊ ጊዜ ተመልሶ «ሪዛይንድ የስተርዴይ» ይላል።

«የኳስ ዘጋቢውስ? ዓይኑ እያየ ለምን ‹ሂ ኢዝ ሹቲንግ› አይልም?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀጣይ ጊዜ ድርጊቱ ተጀምሮ ሳያልቅ ከውስጥ ያሳያል፤ ምት ግን ዘጋቢው ተናግሮ ሳይጨርስ ያልቃል። ስለዚህ «ሂ ሹትስ፣ ሂ ስኮርስ!» ይላል። ያው ዘጋቢ ቆየት ስለሚል ነገር ሲያወራ፣ ለምሳሌ ቡድኑ ጥሩ እየተጫወተ መሆኑን ሲገልጽ፣ ወዲያው «ዘይ አር ፕሌዪንግ ዌል» ወደሚለው ይዞራል።

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ በጉዞ ሰሌዳው አይቸገርም፤ «ይነሳል» ለነገም ያገለግላል። የሚሳሳተው በርዕሱ ነው፦ «ሪዛይንስ»ን «ይለቃሉ» ብሎ ሲተረጉም ያለፈውን ወሬ ወደፊት ይወስደዋል። ትክክለኛው «ለቀቁ» ነው። «ይለቃሉ» ለማለት የእንግሊዝኛው ርዕስ «ሚኒስተር ቱ ሪዛይን» ብሎ ይጽፋል።