ቪዲዮው የት ተቋረጠ? ጥያቄው ለምን ተሳተ?

አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ የሥልጠና ቪዲዮ ካሰራጨ በኋላ ሁለት ዓይነት መረጃ ይደርሰዋል። አንደኛው ምን ያህል ሰው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው እንዳየው የሚያሳየው የማጠናቀቅ መጠን ነው። ሁለተኛው ከቪዲዮው በኋላ የሚሰጠው አጭር ፈተና ውጤት ነው። የሥልጠና ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ለየብቻ፣ በአንድ በአንድ ቁጥር ጠቅልለው ለኃላፊ ያቀርባሉ። ሥልጠናውን ለማሻሻል የሚረዳው መረጃ የሚገኘው ግን የቪዲዮው ደቂቃዎችና የፈተናው ጥያቄዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነበቡ ነው።

አሠራሩን ለማየት አንድ ባንክ አዲስ ሂሳብ አከፋፈትን የሚያስተምር የ18 ደቂቃ ቪዲዮ ለ200 የቅርንጫፍ ሠራተኞች ላከ እንበል። ቪዲዮውን የከፈቱት 180 ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ያዩት ደግሞ 120። ፈተናው አሥር ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምርጫ ይዟል። ቪዲዮውን የከፈቱት 180ዎቹም ጨርሰው ያዩትም ሆኑ አቋርጠው የወጡት ፈተናውን ወስደዋል።

በመጀመሪያ የማጠናቀቅ መጠኑ ከምን ተነሥቶ እንደተሰላ መታወቅ አለበት። 120 ለ200 ሲካፈል 60 በመቶ፣ ለ180 ሲካፈል ደግሞ 67 በመቶ ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው ስሌት ቪዲዮውን ያልከፈቱትን 20 ሰዎች ስለሚጨምር ማስታወቂያው ደርሷቸው እንደሆነና የሥራ ሰዓታቸው ፈቅዶላቸው እንደሆነ እንዲጠየቅ ያደርጋል። ሁለተኛው የሚናገረው ስለ ቪዲዮው ራሱ ነው። የሥልጠና ሶፍትዌሩ «ተጠናቋል» የሚለውን ምልክት የሚሰጠው መቼ እንደሆነም መጣራት አለበት። አንዳንዱ የመጨረሻው ገጽ እንደተከፈተ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ቪዲዮው በእርግጥ መታየቱን ይቆጥራል። ወደፊት መዝለል በተከለከለበት ቪዲዮ ደግሞ ሠራተኛው ድምፁን ዘግቶ ሌላ ሥራ ሲሠራ ቢቆይም መዝገቡ መቶ በመቶ ይላል።

ቀጥሎ የሚታየው በየደቂቃው ስንት ሰው እንደቀረ የሚያሳየው ግራፍ ነው። በባንኩ ምሳሌ ሰባተኛው ደቂቃ ሲጀምር 168 ሰዎች ነበሩ፤ ስምንተኛው ደቂቃ ሲያልቅ የቀሩት 130 ናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው የወጡት አሥር ብቻ ናቸው። መቋረጡ በሁሉም ደቂቃዎች ተበትኖ ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ ደንበኛ መምጣቱ ወይም ኢንተርኔት መቆራረጡ ነው ብሎ መገመት ይቻል ነበር። 38 ሰዎች በአንድ ቦታ ላይ ሲወጡ ግን መመርመር ያለበት በዚያ ቦታ የሚታየው ነገር ነው።

በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች የሚታየው የሂሳብ መክፈቻ ቅጹ ነው፤ ሙሉ ገጹ በአንድ ጊዜ፣ በደቃቅ ፊደል ቀርቧል። መረጃው ሠራተኞቹ በተጠቀሙበት መሣሪያ ሲከፈል ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። እዚያ ቦታ ከደረሱት ውስጥ በስልክ ይመለከቱ ከነበሩት 90 ሰዎች 31 ወጥተዋል፤ በኮምፒውተር ይመለከቱ ከነበሩት 78 ሰዎች የወጡት ሰባት ብቻ ናቸው። ቅጹ በስልክ ስክሪን ላይ አይነበብም ማለት ነው።

አሁን ወደ ፈተናው እንሻገር። የሁሉም ሰው አማካይ ውጤት ምን መሻሻል እንዳለበት አይጠቁምም፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። የሚወሰደውም የመጀመሪያው ሙከራ ነው። ፈተናው እስኪታለፍ ድረስ መደጋገም ከተፈቀደ የመጨረሻው ውጤት የሚያሳየው ሠራተኛው መልሱን በመሞከር ማግኘቱን ነው። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ በግምት ብቻ የሚመልሱ ሰዎች 25 በመቶ ገደማ እንደሚያገኙም መዘንጋት የለበትም።

አራተኛው ጥያቄ በቅጹ ላይ የገንዘብ ምንጭ የሚሞላበትን ቦታ ይመለከታል። ከ180ዎቹ 104 በትክክል መልሰውታል። ስምንተኛውን ደቂቃ አልፈው ከተመለከቱት 130 ሰዎች 91ዱ፣ ማለትም 70 በመቶው አግኝተውታል። ከዚያ በፊት ካቋረጡት 50 ሰዎች ያገኙት 13 ብቻ ናቸው፤ ይህም ከግምት የማይሻል ነው። ሆኖም አቋርጠው የሚወጡት ከመጀመሪያውም ለሥልጠናው ግድ የሌላቸው ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ጥርጣሬ ይነሣል። ይህን ለማጣራት ሁለቱ ቡድኖች ከሰባተኛው ደቂቃ በፊት በተሰጠው ትምህርት ላይ ያገኙት ውጤት ይነጻጸራል። በዚያ ክፍል ውጤታቸው ተቀራራቢ ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው የሰዎቹ ስንፍና ሳይሆን ያላዩት ክፍል ነው ለማለት ይቻላል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ሌላ ዓይነት ችግር አለበት። የመታወቂያ ቅጂ መቼ እንደሚወሰድ ይጠይቃል። አሜሪካዊው ትሩማን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳየው ዘዴ መሠረት በጠቅላላ ውጤት ከላይ ያሉት 27 በመቶና ከታች ያሉት 27 በመቶ ተለይተው ይወዳደራሉ፤ እዚህ በየቡድኑ 49 ሰው ማለት ነው። ጥሩ ጥያቄ ከላይኛው ቡድን ብዙ፣ ከታችኛው ጥቂት ትክክለኛ መልስ ያገኛል። በዚህ ጥያቄ ግን ከላይኞቹ 20፣ ከታችኞቹ 22 ሰዎች መልሰውታል። ጎበዞቹ በብዛት የሳቱት ወደ አንድ የተለየ ምርጫ ሄደው ነው። ምርጫዎቹ ሲነበቡ «ቅጹ ከተሞላ በኋላ» እና «ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት» የሚሉት ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው። ስለዚህ የሚታረመው ጥያቄው ነው፤ ቪዲዮውን መንካት አያስፈልግም። የሠራተኞቹም ውጤት እንደገና መታየት አለበት።

ስድስተኛው ጥያቄ ውክልና ይዞ የሚመጣን ሰው ይመለከታል። ቪዲዮውን ከጨረሱት 120 ሰዎች የመለሱት 42 ብቻ ናቸው፤ ስህተቶቹም በሦስቱ የተሳሳቱ ምርጫዎች ላይ እኩል ተበትነዋል። በዚያው ክፍል ብዙ ሰው ቪዲዮውን ወደኋላ እየመለሰ ደጋግሞ አይቷል። ሰዎቹ ትምህርቱን አግኝተዋል፤ ሊረዱትም ጥረዋል፤ የጎደለው የማብራሪያው ግልጽነት ነው። በተቃራኒው የመጀመሪያውን ጥያቄ 178 ሰዎች መልሰውታል። «ደንበኛን በትሕትና መቀበል ይገባል?» ለሚል ጥያቄ መልስ ለመስጠት ቪዲዮ ማየት ስለማያስፈልግ ከፈተናው ቢወጣ የሚቀር ነገር የለም።

ከዚህ የሚከተለው እርማት ለእያንዳንዱ ችግር የተለየ ነው። ቅጹ በስልክ እንዲነበብ አንድ አንድ ክፍሉ ጎልቶ እንደገና ይቀረጻል። የውክልናው ትምህርት መስኮት ላይ በሚያጋጥም ጉዳይ ተደግፎ እንደ አዲስ ይብራራል። የ18 ደቂቃው ቪዲዮም በየርዕሱ ቢከፋፈል ደንበኛ የመጣበት ሠራተኛ ካቆመበት ለመቀጠል ይቀለዋል። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በኤድኤክስ የኢንተርኔት ትምህርት ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምረው ከስድስት ደቂቃ ያላለፉ ቪዲዮዎች ተመልካችን የተሻለ እንደሚይዙ አግኝተዋል። የተጠኑት በፈቃዳቸው የሚማሩ ሰዎች ስለሆኑ ግኝቱ ለመነሻ ይጠቅማል እንጂ ለግዴታ ሥልጠና ሕግ አይሆንም።

የተሻሻለው ሥልጠና ለቀጣዩ የሠራተኞች ቡድን ሲሰጥ ያልተነኩት ጥያቄዎች እንዳሉ መቆየት አለባቸው፤ አለበለዚያ ፈተናው ቀሎ ይሁን ትምህርቱ ተሻሽሎ መለየት አይቻልም። ቡድኑ 20 ሰው ብቻ ከሆነ አንድ ሰው ብቻውን አምስት በመቶ ስለሆነ ትንሽ ልዩነትን እንደ ለውጥ መቁጠር አይገባም። የመጨረሻው ማረጋገጫ ደግሞ ከፈተናው ውጭ ነው። ከሥልጠናው ሁለት ወር በፊትና ሁለት ወር በኋላ ተጓድለው ወደ ሠራተኛው የተመለሱ የሂሳብ መክፈቻ ቅጾች ይቆጠራሉ። የማጠናቀቅ መጠኑና የፈተናው ውጤት ከፍ ብለው የሚመለሱት ቅጾች ቁጥር ካልቀነሰ ሥልጠናው ገና አልተስተካከለም።