በመስመር መጨረሻ የቀረ ሰረዝ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታተመ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስካን ተደርጎ ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ፣ በአንድ መስመር መጨረሻ to- በቀጣዩ መጀመሪያ ደግሞ day ይገኛል። ሰረዙ የአታሚው ነው ወይስ የቃሉ? ሰረዝን ሁሉ እያጠፉ መግጠም ያሳስታል፤ የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች «ዛሬ» ለማለት to-day ብለው በሰረዝ ይጽፉ ነበርና። የአሁኑ መዝገበ ቃላትም today ብሎ የደራሲውን አጻጻፍ ያፈርሳል። የተሻለው ዳኛ መጽሐፉ ራሱ ነው፦ ቃሉን በመስመር መሀል ፈልጎ ማየት። እዚያ to-day ደጋግሞ ተገኝቶ today ከሌለ ሰረዙ ይቆያል። የትም ካልተገኘስ? የዲስትሪቢዩትድ ፕሩፍሪደርስ በጎ ፈቃደኞች to-*day ብለው ኮከብ ያኖሩበታል፤ ኋላ መላውን መጽሐፍ የሚያየው ሰው ይወስናል። እኔም ይህን እመርጣለሁ፤ በግምት የተገጠመ ቃል ዱካ አይተውም፣ ኮከቡ ግን ተፈልጎ ይገኛል።